የጥናት ወሰንና የጥናት ውስንነት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የጥናት ወሰን ማለት አጥኚው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «እዚህ ድረስ እሄዳለሁ፤ ከዚህ አላልፍም» ብሎ በራሱ ውሳኔ የሚያሰምረው ድንበር ነው። የት ቦታ፣ እነማን፣ የትኛው ጊዜ፣ የትኛው ጉዳይ እንደሚጠና የሚነግረን እርሱ ነው። የጥናት ውስንነት ደግሞ በዚያው ድንበር ውስጥ ሆኖም አጥኚው ሙሉ በሙሉ ሊያስወግደው የማይችለው፣ በውጤቱ ላይ ሊኖረን የሚገባውን እምነት የሚቀንስ ድክመት ነው። ሁለቱም ቃላት «ወሰነ» ከሚለው ግስ ስለሚወጡ በቀላሉ ይምታታሉ፤ እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው መለያ ግን ከዚያው ግስ የተገኘ ነው፦ ወሰን አጥኚው የወሰነው ሲሆን ውስንነት አጥኚውን የወሰነው ነው።

መምታታቱ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ፕሮፖዛል ላሳይ። እዚሁ ጅማ አንድ የማስተርስ ተማሪ በጎማ ወረዳ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት እሸት ቡናቸውን ለማኅበራቸው ማቅረብ ሲገባቸው ለምን ለግል ነጋዴ እንደሚሸጡ ለማጥናት ዕቅድ አቀረበልኝ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። በ«ጥናቱ ውስንነት» ሥር የሰፈረው ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጥናቱ በጎማ ወረዳ ብቻ መካሄዱ፣ የገንዘብና የጊዜ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ እንዲሁም የመረጃ ሰጪዎች ፈቃደኛ አለመሆን አጋጥሟል።»

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው «አጋጥሟል» የሚለው ቃል ነው። ተማሪው ገና አንድ ገበሬ አላነጋገረም፤ ታዲያ ፈቃደኛ ያልሆነው ማን ነው? አንቀጹ ካለቀ ጥናት የተቀዳ እንደነበር ግሱ ራሱ ተናግሯል። በፕሮፖዛል ውስጥ የሚጻፍ ውስንነት የሚጠበቅ እንጂ የደረሰ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነገር ሁሉ ቦታውን የሳተ ነው። በጎማ ብቻ መካሄዱ የተማሪው ምርጫ ስለሆነ ወሰን ነው። የገንዘብ እጥረት ለብቻው ወሰንም ውስንነትም አይደለም፤ ብሩ በማነሱ የተነሳ ምን እንደቀረ ካልተገለጸ አንባቢው ከእርሱ የሚረዳው ነገር የለም። የመብራት መቆራረጥ ደግሞ ጽሑፉን አዘግይቶ ይሆናል እንጂ የገበሬውን መልስ አይለውጥም።

ወሰኑን ስናስተካክል ሥራው ቀላል ነበር። ጥናቱ በሦስት ቀበሌዎች የሚገኙ የማኅበር አባላትን ብቻ ይመለከታል፤ የአንድ ምርት ዘመን የእሸት ቡና ሽያጭን ይሸፍናል፤ ከነልጣጩ የደረቀውን ቡና፣ ማለትም ጀንፈልን፣ አያካትትም። ለእያንዳንዱ ምርጫ ምክንያት እንዲጽፍ ጠየቅሁት። ጀንፈል የቀረው ደርቆ ለወራት ሊቀመጥ ስለሚችልና ገበሬው ዋጋ አይቶ ስለሚሸጠው ነው፤ እሸት ግን በተለቀመበት ዕለት ወደ መፈልፈያ መድረስ ስላለበት የሽያጩ ውሳኔ ሌላ ጠባይ አለው። ጎማን ለምን መረጥክ ስለው «ቡና አምራች ስለሆነ» አለኝ። ሊሙ ኮሳም፣ ማናም፣ ጌራም ቡና አምራች ናቸው። እውነተኛው ምክንያት እርሱ በወረዳው የኅብረት ሥራ ባለሙያ ሆኖ አጋሮ መቀመጡና የአባላቱን መዝገብ በቀላሉ ማግኘት መቻሉ ነበር። ይህ የሚያሳፍር ምክንያት ስላልሆነ እንዳለ እንዲጻፍ አደረግን። ርዕሱም «በጅማ ዞን» ይል ስለነበር ከወሰኑ ጋር እንዲስማማ ወደ ጎማ ወረዳ ዝቅ አለ።

ይህ ምክንያት በግልጽ ሲጻፍ ግን ተደብቆ የነበረው ትልቁ ውስንነት ብቅ አለ። አባል ምርቱን ለማኅበሩ እንዲያቀርብ መተዳደሪያ ደንቡ ያስገድዳል፤ ጠያቂው ደግሞ ገበሬዎቹ በስብሰባ ላይ ስለዚሁ ደንብ ሲያስተምር የሚያውቁት ባለሙያ ነው። «ከእሸትህ ስንቱን ለነጋዴ ሸጥህ?» ብሎ እርሱ ሲጠይቅ እውነቱን የሚነግረው ስንቱ ነው? ይህን ሳነሳበት ተማሪው ዝም ብሎ ቆየና «መምህር፣ ይህን ከጻፍኩ ፕሮፖዛሉን የሚቀበለኝ ያለ አልመሰለኝም» አለኝ። ብዙዎች መብራትንና ጊዜን የሚደረድሩት በዚሁ ፍርሃት ነው፤ ማንንም የማይጎዳ ድክመት ጽፈው ጥናቱን የሚነካውን ይሸሽጋሉ። ገምጋሚ ግን የጠያቂውን ማንነት ባየ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም።

ቀጣዩ ሥራ ከውስንነቱ ውስጥ ሊቃለል የሚችለውን መቀነስ ነው፤ ሊስተካከል እየቻለ የተተወ ስህተት ውስንነት ሊባል አይገባውም። ስለዚህ ቃለ መጠይቁን ከሌላ ወረዳ የሚመጡ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ መረጃ ሰብሳቢዎች እንዲያካሂዱት፣ የመላሾች ስም ከመልሱ ጋር እንዳይያያዝ፣ ተማሪው ራሱም በቦታው እንዳይገኝ ተወሰነ። ከዚህም በላይ ማኅበሩ እሸት ሲረከብ በኪሎ መዝኖ ስለሚመዘግብ ገበሬው «ለማኅበር አቀረብኩ» ያለውን መጠን ከመዝገቡ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ገበሬዎቹ የሚናገሩት በጥቅሉ ከመዝገቡ በልጦ ከተገኘ መልሱ ወደ የት እንዳጋደለ ይታያል ማለት ነው። ለነጋዴ የተሸጠው ግን ደረሰኝ ስለሌለው በዚህ መንገድ ሊረጋገጥ አይችልም። ቀሪው ውስንነት ይኸው ነው።

በመጨረሻ አንቀጹ እንዲህ ሆነ፦ «ለነጋዴ መሸጥ ከማኅበሩ ደንብ ጋር ስለሚጋጭ መላሾች መጠኑን አሳንሰው ሊናገሩ እንደሚችሉ ይጠበቃል። ይህን ለመቀነስ አጥኚው በቃለ መጠይቁ አይሳተፍም፤ ለማኅበር ቀረበ የተባለው መጠንም ከርክክብ መዝገብ ጋር ይነጻጸራል። ለነጋዴ የተሸጠውን በሰነድ ማረጋገጥ ስለማይቻል በጥናቱ የሚገኘው የነጋዴ ድርሻ ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ታሳቢ መደረግ አለበት።» ልብ በሉ፤ የድክመቱ ምንጭ ተጠቅሷል፣ ምን እንደሚደረግለት ተነግሯል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጤቱን ወደ የትኛው ወገን እንደሚያዛባው ተገልጿል። ይህ የመጨረሻው በአብዛኞቹ ፕሮፖዛሎች ውስጥ የለም፤ አንባቢን የሚጠቅመው ግን እርሱ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ታች እንደሚያጋድል ያወቀ ሰው ቢያንስ ከዚያ አያንስም ብሎ ሊጠቀምበት ይችላል።

አንድ ምርጫ በሁለቱም ክፍሎች ውስጥ የሚገባበት ጊዜም አለ። መረጃው ጥር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰበሰብ መወሰኑ ወሰን ነው። ገበሬው ግን ከጥቅምት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ብዙ ቀን የሸጠውን እሸት ከወራት በኋላ እንዲያስታውስ መገደዱ የዚያ ምርጫ ውጤት የሆነ ውስንነት ነው። የነጋዴ ዕዳ ያለበት ገበሬ ለነጋዴ አብዝቶ ሸጦ ቢገኝም፣ ዕዳው ወደ ነጋዴ መራው ወይስ ለነጋዴ መሸጡ ብድር አስገኘለት የሚለውን በአንድ ጊዜ መረጃ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ምርጫውና ምክንያቱ በወሰን ሥር፣ ያስከተለው ጉድለት በውስንነት ሥር ይጻፋል። አባል ያልሆኑ ገበሬዎች መቅረታቸውም እንዲሁ ነው፤ መቅረታቸው ወሰን ሲሆን ስለ እነርሱ ምንም ለማለት አለመቻሉ ግን ተማሪው በምክረ ሐሳቡ ላይ ሳይቀር ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ነው።

መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የውስንነት ክፍል እንደገና ይጻፋል። «ይጠበቃል» የተባለው ደርሶ ከሆነ በምን ያህል እንደደረሰ ከመዝገቡ ንጽጽር በቁጥር ይቀመጣል፤ ካልደረሰ አለመድረሱ ይገለጻል፤ ያልታሰበ ከተከሰተም ይጨመራል። ወሰኑ ግን በመስክ ላይ በግድ የተለወጠ ነገር ካልኖረ በስተቀር በፕሮፖዛሉ እንደተጻፈ ይቆያል። ለምሳሌ ከሦስቱ ቀበሌዎች አንዱ ቀርቶ ቢሆን «ሁለት ቀበሌዎችን መርጫለሁ» ብሎ ወሰኑን ወደ ኋላ ተመልሶ ማጥበብ አይፈቀድም፤ ሦስት ታቅዶ ሁለት መሠራቱና ምክንያቱ በውስንነት ሥር ይሰፍራል።