የኦንላይን ሰርቬይና ማይክሮታስክ፦ በሰዓት ሲሰላ ስንት ይወጣዋል?

ተከፋይ ሰርቬይ ስለ ዕቃ፣ ስለ ማስታወቂያ ወይም ስለ አመለካከት የቀረበ መጠይቅ በኢንተርኔት ሞልቶ ትንሽ ገንዘብ ወይም ነጥብ የሚገኝበት ሥራ ነው። ማይክሮታስክ ደግሞ ትልቅ ሥራ ተቆራርጦ ለብዙ ሰው ሲታደል ነው፦ ፎቶ ላይ ያለውን መለየት፣ ደረሰኝ መገልበጥ፣ አጭር ድምፅ ወደ ጽሑፍ መቀየር። ሁለቱም የሚከፍሉት በቁራጭ ነው። ሰዓቱን የሚቆጥረው ሠራተኛው ራሱ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን አይቆጥርም።

ሰርቬይ የቆየ ነገር ነው። የገበያ አጥኚዎች በስልክና በፖስታ ይጠይቁት የነበረው ወደ ኢንተርኔት ዞረ፣ በቃ። ብዙ የተጻፈው ስለ ማይክሮታስክ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አማዞን በ2005 እ.ኤ.አ. ስለከፈተው መካኒካል ተርክ የተባለ የሥራ ድረ ገጽ። ስሙ የመጣው በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን ከሠራው ቼዝ ተጫዋች “ማሽን” ነው። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሰው ተደብቆ ይጫወት ነበር። ስሙን የመረጡት ሰዎች ቢያንስ አልዋሹም።

በመካኒካል ተርክ አሠሪው የቀረበለትን ሥራ “አልቀበልም” ብሎ ክፍያ ሊከለክል ይችላል። ሥራው ግን አሠሪው እጅ ላይ ይቀራል። ከዚያም የሠራተኛው የተቀባይነት መቶኛ ይወርዳል፤ ብዙ አሠሪዎች ደግሞ ከ95 በመቶ በታች የሆነን ሰው አያስገቡም። ሠራተኞቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሊሊ ኢራኒና ሲክስ ሲልበርማን ተርኮፕቲኮን የተባለውን መሣሪያ ሠሩ፤ ሠራተኛው አሠሪውን መልሶ የሚመዝነው በእሱ ነው። በዚህ መስክ ለሠራተኛው ይህን ያህል የጠቀመ ነገር ጥቂት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት የ2,676 የመካኒካል ተርክ ሠራተኞችን የሥራ መዝገብ መርምሮ ነበር። የመካከለኛው ሠራተኛ ገቢ በሰዓት 2 ዶላር አካባቢ ሆነ። የአሜሪካ ፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከሆነው ከ7.25 ዶላር በላይ ያገኙት 4 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የአምስት ድረ ገጾችን ሠራተኞች ጠይቆ ባወጣው ዘገባ፣ ለአንድ ሰዓት ተከፋይ ሥራ በአማካይ 20 ደቂቃ ያህል ያለ ክፍያ ይባክናል። ሥራ መፈለግ፣ መመሪያ ማንበብ፣ የብቃት ፈተና መውሰድ። መዝገብ ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያው ጥናት የበለጠ ያሳምናል፤ ሰው ስለ ራሱ ጊዜ ሲጠየቅ ይገምታል።

ሰርቬይ ላይ ትልቁ የጊዜ ሌባ “አያሟሉም” ተብሎ መባረር ነው። ለምሳሌ “10 ደቂቃ፣ 80 ሳንቲም” የሚል ሰርቬይ እንውሰድ። ለዓይን በሰዓት 4.80 ዶላር ይመስላል። ሰውየው ግን ይህን ከማግኘቱ በፊት ሦስት ሰርቬይ ጀምሮ ነበር። እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ዕድሜና ሥራውን ሲጠይቀው ቆይቶ አስወጣው። እነዚያ 12 ደቂቃ ናቸው። ሲፈልግና ገጽ እስኪከፈት ሲጠብቅ ሌላ 8 ደቂቃ ሄደ። በጠቅላላው 30 ደቂቃ ሠርቶ 80 ሳንቲም፤ በሰዓት 1.60 ዶላር መሆኑ ነው። ገንዘቡን ማውጣት የሚቻለው 10 ዶላር ሲሞላ ከሆነ ደግሞ በዚህ አካሄድ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከዚያ በፊት አካውንቱ ቢዘጋ ሁሉም ውኃ በላው።

ስለዚህ አዲስ ድረ ገጽ ሲሞከር የሚያዋጣው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት መያዝ ነው። መባረሩም መጠበቁም ይቆጠራል። 5 ሰዓት ሲሞላ፣ እጅ ላይ የገባውን ገንዘብ ለ5 ማካፈል። ስክሪን ላይ ያለ ነጥብ ገና ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ለመመዝገብ ወይም ገንዘብ “ለማስለቀቅ” ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ሒሳብም አያስፈልገውም፣ ሌብነት ነው።

መባረርን የሚቀንሰው ማጣሪያውን አስቀድሞ የሚጨርስ ድረ ገጽ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፕሮሊፊክ ለዚህ ይጠቀሳል። ተሳታፊው ስለ ራሱ አንዴ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የሚታየው ለእሱ የሚሆን ጥናት ነው። አጥኚዎችም በሰዓት ቢያንስ 6 ፓውንድ እንዲከፍሉ ይጠየቃሉ። ችግሩ ሥራው ትንሽ መሆኑና ሁሉም አገር አለመፈቀዱ ነው። ቪፒኤን ከፍቶ ለመግባት የሚሞክር አለ። ሲደረስበት አካውንቱ ይታገዳል፣ የተጠራቀመውም ሊቀር ይችላል።

ማይክሮታስክ ላይ ደግሞ መመሪያው ግራ ካጋባ ሥራውን ሳያስረክቡ መመለስ ይሻላል። በመካኒካል ተርክ መመለስ የተቀባይነት መቶኛውን አይነካውም። አዲስ ሠራተኛ ግን 100 ሥራ ሠርቶ 6ቱ ውድቅ ቢሆኑበት 94 በመቶ ላይ ይገኛል፤ ብዙው የተሻለ ሥራ ከዓይኑ ይሰወራል። ወደ 95 ለመመለስ ሌላ 20 ሥራ ያለ ስህተት መሥራት አለበት፣ ያውም በቀሩለት ርካሽ ሥራዎች።