ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ወደ ሁለተኛ ቋንቋ፦ የማንበብ ክሂል የት ይሻገራል፣ የትስ ይቀራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፊደሉ የተለያየ ከሆነ ከአንዱ ቋንቋ ንባብ ወደ ሌላው የሚሻገር ነገር የለም።»

ልጅ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚማረው ነገር አለ፤ እርሱም የተጻፈ ምልክት የንግግርን ድምፅ እንደሚወክልና ምልክቶቹን በቅደም ተከተል ወደ ድምፅ በመመለስ ቃሉን ማግኘት እንደሚቻል መረዳት ነው። ይህን በሀሁ ገበታ ላይ የተረዳ ልጅ የላቲን ፊደል ሲቀርብለት እንደ አዲስ የሚረዳው መሠረተ ሐሳብ የለም፤ የሚቀረው የአዲሶቹን ምልክቶች ድምፅ ማወቅ ነው። ንግግርን ወደ ክፍሎቹ ለያይቶ መስማት፣ ማለትም የድምፅ ግንዛቤ የሚባለው ችሎታም እንዲሁ ይሻገራል። ዱርጉኖግሉና ባልደረቦቿ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ የአንደኛ ክፍል ልጆች በስፓኒሽ ያላቸው የድምፅ ግንዛቤ የእንግሊዝኛ ቃላትን ምን ያህል እንደሚያነቡ የሚጠቁም ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ክሂሉ የሚሻገረው በሠለጠነበት መጠን ነው። የእኛ ፊደል አንዱ ምልክት በአብዛኛው ተናባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ልጁ ቃሉን የሚከፍለው በፊደል ልክ ሊሆን ይችላል። የላቲን ፊደል ግን ሁለቱን ለየብቻ ይጽፋቸዋል። ልዩነቱን ለማየት ለልጁ ምንም ጽሑፍ ሳያሳዩ «ባት» የሚለውን ቃል በአፍ ብቻ ነግረው «የመጀመሪያውን ድምፅ አስቀርተህ ቀሪውን በል» ማለት ይበቃል። «ት» ብሎ ከመለሰ የቆረጠው አንድ ሙሉ ፊደል ነው፤ «አት» ብሎ ከመለሰ ግን ተናባቢውን ከአናባቢው መለየት ችሏል፤ እንግሊዝኛን ለማንበብ የሚያስፈልገውም ይኸኛው ነው። መፍትሔው ደግሞ እዚያው ገበታው ላይ አለ፤ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያሉ ቀስ ብለው በማስባል ከንፈር ላይ የማይለወጠው የትኛው ድምፅ፣ የሚለወጠውስ የትኛው እንደሆነ ልጁ ራሱ እንዲያገኘው ማድረግ ይቻላል። በእኔ አመለካከት የላቲን ፊደል ከመጀመሩ በፊት ለዚህ ልምምድ ጥቂት ሳምንታት መስጠት ከየትኛውም የፊደል ስም ሽምደዳ ይበልጣል።

«ፊደሉ አንድ ዓይነት ከሆነማ ልጁ ያለ ችግር ያነባል።»

የምልክቱ ቅርጽ አንድ መሆኑ የሚወክለው ድምፅ አንድ ነው ማለት አይደለም። በቁቤ አፋን ኦሮሞን ማንበብ የተማረ ልጅ የላቲን ፊደላትን ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን «ሲ» የሚባለው ፊደል በቁቤ የ«ጭ» ድምፅ፣ «ኤክስ» ደግሞ የ«ጥ» ድምፅ ሲሆን በእንግሊዝኛ ሁለቱም እንደዚያ አይነበቡም። «ኢ» የሚባለው ፊደል ሲደገም በቁቤ ረጅም የ«ኤ» ድምፅ ይሰጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ረጅም የ«ኢ» ድምፅ ነው። የተደገመ ተናባቢም በቁቤ መጥበቅን ያመለክታል፤ በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ግን ድምፁ አይጠብቅም። ስለዚህ ልጁ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፤ ስህተቱም ወጥ በመሆኑ በቀላሉ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ስህተት ልጁ አለማንበቡን ሳይሆን የሚያውቀውን ሕግ በማይሠራበት ቦታ መጠቀሙን ያሳያል፤ የሚታረመውም ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩባቸውን ጥቂት ፊደላት ለይቶ ጎን ለጎን በማስተማር ነው።

ከዚህ የባሰው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ራሱ ነው። ሲሞርና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን ከሌሎች 12 የአውሮፓ አጻጻፎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በአብዛኞቹ ቋንቋዎች የአንደኛ ክፍል ልጆች በዓመቱ መጨረሻ ከሚያውቋቸው ቃላት ከ90 በመቶ በላይ በትክክል ሲያነቡ በእንግሊዝኛ ግን የተነበበው 34 በመቶ ያህል ነበር። እነዚህ ልጆች የሚያነቡት በገዛ ቋንቋቸው ነበር። እንግዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጥቂት ወራት ያነበበ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲዘገይ «ሰነፈ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

«በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጎበዝ አንባቢ የሆነ ሰው በሁለተኛውም ጎበዝ ይሆናል።»

ካናዳዊው ጂም ከሚንስ በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የሁለቱ ቋንቋዎች ተደጋጋፊነት ሐሳብ ለዚህ አባባል ድጋፍ ሆኖ ይጠቀሳል። ነገር ግን ከሚንስ ራሱ ሽግግሩ የሚሆነው ተማሪው ከሁለተኛው ቋንቋ ጋር በበቂ ሁኔታ ሲገናኝና ለመማር ፍላጎት ሲኖረው እንደሆነ አስቀምጧል። ዋና ሐሳብን መለየት፣ ያልተገለጸውን ከተገለጸው መገመት፣ «ይህ ዓረፍተ ነገር አልገባኝም» ብሎ ተመልሶ ማንበብ፣ እነዚህ ሁሉ ከቋንቋ ቋንቋ የሚሻገሩ ልማዶች ናቸው። የቃላት እውቀት ግን አይሻገርም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሯቸው ቃላት ከሌሉ እያንዳንዱ ቃል እንደ አዲስ መለመድ አለበት። ልማዶቹም ቢሆኑ ሥራ የሚጀምሩት የታወቁት ቃላት በቂ ሲሆኑ ነው። ሁ እና ኔሽን በ2000 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ሙከራ አንባቢ ተረት መሰል ጽሑፍን ያለ እገዛ ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው ደርሰውበታል፤ 80 በመቶውን ብቻ ካወቁት አንባቢዎች መካከል ግን በበቂ ሁኔታ የተረዳ አልተገኘም። ይህን በ200 ቃላት ገጽ ላይ ብናሰላው፣ 98 በመቶ ማለት አራት የማይታወቁ ቃላት፣ 80 በመቶ ማለት ደግሞ አርባ ማለት ነው። ከየአምስቱ ቃል አንዱ የተሰወረበት አንባቢ ከዐውዱ እንዲገምት ቢነገረው የሚገምትበት ዐውድ የለውም።

«ጮክ ብሎ አቀላጥፎ ካነበበ ገብቶታል።»

ጎፍና ተንመር በ1986 እ.ኤ.አ. አንብቦ መረዳትን የሁለት ነገሮች ብዜት አድርገው ገልጸውታል፤ አንዱ ምልክትን ወደ ቃል መመለስ ሲሆን ሌላው ቋንቋውን ሰምቶ መረዳት ነው። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ብዜቱም ዜሮ ነው። ከአፍ መፍቻ ቋንቋው በቀላሉ የሚሻገረው የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ልጁ የእንግሊዝኛ ምንባብን ሳይደናቀፍ አንብቦ ምንም ሳይረዳ ሊቀር ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ከተረዳው ልጅ አይለይም።

ለመለየት በክብደት ተመጣጣኝ የሆኑ፣ ይዘታቸው ግን የተለያየ ሦስት አጫጭር ምንባቦች ይዘጋጁ። የመጀመሪያውን ተማሪዋ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ታንብብ፤ ሁለተኛውን በእንግሊዝኛ መምህሩ ያንብብላት፤ ሦስተኛውን ራሷ በእንግሊዝኛ ታንብብ። ለእያንዳንዱ አምስት ጥያቄ ቀርቦ ጥያቄውም መልሱም በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ይሁን፤ አለበለዚያ የምንለካው የመናገር ችሎታዋን ይሆናል። በዚህ መንገድ የጥያቄውን ቃላት ምንባቡ ውስጥ ፈልጎ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ መገልበጥ የሚባለው የተለመደ ማምለጫም ይዘጋል።

ተማሪዋ በመጀመሪያው አምስቱንም፣ በሁለተኛው አንድ፣ በሦስተኛውም አንድ ጥያቄ ብትመልስ፣ የንባብ ክሂሏ ደኅና ነው፤ የጎደላት ቋንቋው ነው፤ ስለዚህ ተጨማሪ የፊደል ልምምድ አይጠቅማትም፤ የሚጠቅማት ቃላትን በንግግርና በሚነበብላት ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ መስማት ነው። ሌላው ተማሪ በመጀመሪያው አምስቱንም፣ በሁለተኛው አራት መልሶ በሦስተኛው አንድ ላይ ከቀረ፣ ቋንቋውን ሰምቶ ይረዳል፤ የተቸገረው ከእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጋር ስለሆነ ፊደልና ድምፅን የማዛመዱ ትምህርት ለእርሱ ነው። በመጀመሪያውም ምንባብ ሁለት ብቻ የመለሰ ተማሪ ከተገኘ ግን የሚሻገረው ክሂል ገና አልተደላደለምና ሥራው የሚጀመረው ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ንባብ ነው። በአምስት ጥያቄ ላይ የአንድ ነጥብ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል፣ ውጤቱ የተቀራረበ ከሆነ በሌሎች ምንባቦች ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።