ሃያ አራት ሰዓት እና አንድ ቀን የሚለያዩበት ጊዜ

ፒያሳ አካባቢ ያለ ቢሮ ተቀምጦ ለዋሽንግተን ደንበኛ ዕለታዊ የሽያጭ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ፕሮግራመር፣ ቀጣዩን ቀን ለማግኘት 24 ሰዓት ቢደምር ስህተቱ እዚህ አይታየውም፤ የኢትዮጵያ ሰዓት በዓመት ውስጥ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይዞርምና። በዋሽንግተን ግን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2026 ሌሊት ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ያ ቀን 25 ሰዓት ይረዝማል።

ፕሮግራሙ ከዚያ ቀን መጀመሪያ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተነስቶ 24 ሰዓት ሲደምር የሚደርሰው በዚያው ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ኖቬምበር 1ን ሁለት ጊዜ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያም እያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ቀድሞ እየተቆረጠ ይቀጥላል። የተደገመው ቀን ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የተፈጸመ ሽያጭ ወደ ማግስቱ መሻገሩ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ብዙ ሳምንት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

በጃቫስክሪፕት ልዩነቱ ይህ ነው፦

```
d.setTime(d.getTime() + 24*60*60*1000)
d.setDate(d.getDate() + 1)
```

የመጀመሪያው ያለፈውን ጊዜ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ቀኑን ቀይሮ የግድግዳውን ሰዓት እንዳለ ይተዋል። ሁለተኛው ግን የሚከተለው ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ኮምፒውተር የሰዓት ክልል ስለሆነ፣ ሙከራው `TZ=America/New_York` ተደርጎ መካሄድ አለበት። የመድኃኒት መውሰጃ ልዩነትን ለመሰለ በትክክል 24 ሰዓት ማለፍ ላለበት ጉዳይ ግን የመጀመሪያው መስመር ትክክል ነው።