በሙቀት የተነካው ክልል፦ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ለምን ይሰነጠቃል?

ብየዳ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚለቀው ስፌቱ ራሱ ሳይሆን ከስፌቱ ጎን ያለው ብረት ነው። ይህ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማያልፍ ጠባብ ክፍል አልቀለጠም፤ ሆኖም ከብየዳው በወሰደው ሙቀት ውስጣዊ አወቃቀሩ ተለውጧል። በሙቀት የተነካው ክልል ይባላል። ዓይን የሚያየው ከስፌቱ ዳር የቀረውን ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ የላይኛው ገጽ መጋሉን እንጂ ከሥሩ የተፈጠረውን አይናገርም።

አረብ ብረት ከ723 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በላይ ሲግል አውስተናይት ወደሚባል አወቃቀር መቀየር ይጀምራል። አውስተናይት ካርቦንን በብዛት አሟሙቶ ይይዛል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ተለይቶ ይወጣል፣ ብረቱም እንደ ቀድሞው ለስላሳ ይሆናል። በፍጥነት ከቀዘቀዘ ግን ካርቦኑ መውጫ ጊዜ ያጣና ማርተንሳይት የተባለ፣ ጠንካራ ግን ተሰባሪ አወቃቀር ይፈጠራል። ቀጥቃጭ የጋለ ማረሻ ውኃ ውስጥ ሲነክር የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በብየዳ ላይ ውኃ ባይኖርም ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ይመጠዋል፤ ላሜራው በወፈረ መጠንም ማቀዝቀዙ ይፈጥናል። ከስፌቱ ጠርዝ አጠገብ ሙቀቱ ከ1100 ዲግሪ ስለሚያልፍ የብረቱ ቅንጣቶችም ያድጋሉ፤ በጣም የሚያሰጋው ክፍል ይኸው ነው።

ማርተንሳይት ብቻውን አይሰነጥቅም። ሃይድሮጅን ያስፈልጋል፤ እሱም ከኤሌክትሮዱ ሽፋን እርጥበት፣ ከዝገት፣ ከዘይትና ከቀለም ይመጣል። ሦስተኛው ስፌቱ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተርበት ጉተታ ነው። ሦስቱ ሲገናኙና ብረቱ ከ150 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ስንጥቁ ይጀምራል። ሃይድሮጅኑ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ዛሬ ደህና የተባለ ሥራ ነገ ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። ጥንቃቄ የሚጠይቅ ብረት 48 ሰዓት ሳይሞላው የማይፈተሸው ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ በደንብ ከተመረመሩት አደጋዎች አንዱ የሜልበርኑ የኪንግ ስትሪት ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ተከፈተ፤ ሐምሌ 10 ቀን 1962፣ በአውስትራሊያ ክረምት፣ 45 ቶን ገደማ የሚመዝን ተሽከርካሪ ሲያልፍበት አንዱ ክፍል ተሰብሮ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ። ከሥሩ የነበሩት የኮንክሪት ግድግዳዎች ደግፈው ስላቆሙት ሰው አልሞተም። የተሰነጠቁት መንገዱን የሚሸከሙት አግዳሚ የብረት ምሰሶዎች ናቸው። በምሰሶው የታችኛው ክንፍ ላይ ተጨማሪ ላሜራ ተበይዶ ነበር፤ መጀመሪያ ረጃጅሞቹ የጎን ስፌቶች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የላሜራውን ጫፍ የሚያቋርጠው አጭር ስፌት። በዚያን ሰዓት ላሜራው በሁለት በኩል ተይዟልና አጭሩ ስፌት ሲኮማተር የሚላላለት አልነበረም። ብረቱም ለጥንካሬው ተመርጦ ካርቦኑና ማንጋኒዙ ከፍ ያለ ነበር። ስንጥቆቹ የተጀመሩት በዚያ አጭር ስፌት ጠርዝ፣ በሙቀት በተነካው ክልል ውስጥ ነው። በምርመራው ስንጥቅ ውስጥ ቀለም ተገኝቷል፤ ስለዚህ ምሰሶው ገና ቀለም ሳይቀባ፣ ፋብሪካ ውስጥ እያለ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው። ተሽከርካሪውና ብርዱ ሥራውን ጨረሱት እንጂ አልጀመሩትም።

አንድ ብረት ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለመገመት የዓለም አቀፉ የብየዳ ተቋም የካርቦን አቻ ቀመር ይረዳል። CE የካርቦን አቻው ነው፤ ሌሎቹ ፊደላት በብረቱ ውስጥ ያለው የካርቦን (C)፣ የማንጋኒዝ (Mn)፣ የክሮሚየም (Cr)፣ የሞሊብዲነም (Mo)፣ የቫናዲየም (V)፣ የኒኬልና (Ni) የመዳብ (Cu) መጠን በመቶኛ ናቸው፦

CE = C + Mn/6 + (Cr+Mo+V)/5 + (Ni+Cu)/15

ካርቦኑ 0.18፣ ማንጋኒዙ 0.7 በመቶ የሆነ ተራ ላሜራ 0.30 ገደማ ይሰጣል፤ ቀጭን ከሆነ ያለ ሥጋት ይበየዳል። ካርቦን 0.23፣ ማንጋኒዝ 1.6፣ ክሮሚየም 0.2 ያለው ብረት 0.54 ይደርሳል። የባሌስትራ ብረት ደግሞ (ካርቦን 0.6፣ ማንጋኒዝ 0.85፣ ክሮሚየም 0.8) 0.90 ይሆናል። ባሌስትራ ተበይዶ በሁለተኛው ጉዞ ከስፌቱ ጎን ቢሰበር በያጁን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ መጀመሪያውኑ መበየድ ያልነበረበት ዕቃ ነው። ከ0.40 በታች ብዙ አያሳስብም ይባላል፤ የላሜራው ውፍረት ግን ይህን መስመር ያናውጠዋል። በሙቀት ለተነካው ክልል የጥንካሬ ጣሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው፣ ቪከርስ በተባለው የጥንካሬ መለኪያ 350 የሆነው ልክም ሃይድሮጅኑ ጥቂት ከሆነ ሊታለፍ ይችላል የሚሉ አሉ።

መፍትሔው ቅዝቃዜውን ማዘግየትና ሃይድሮጅኑን መቀነስ ነው። የ0.54ቱ ብረት ወፍራም ከሆነ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ቀድሞ ይሞቃል። ሙቀቱ የሚለካውም ነበልባሉ የነካው ቦታ ላይ ሳይሆን ከስፌቱ መስመር ወደ 75 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው። ሃይድሮጅኑ ጥቂት የሆነው E7018 ኤሌክትሮድ እርጥበት ከነካው አምራቹ በሚያዘው መሠረት፣ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ በምድጃ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይበቃውም። E6013 በሽፋኑ ተፈጥሮ ሃይድሮጅን ስለሚበዛበት ቢደርቅም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከብየዳ በኋላ ውኃ ማፍሰስ ማርተንሳይትን መጥራት ነው። ኤሌክትሮዱን ከስፌቱ ውጭ ብረቱ ላይ መጫርም እንዲሁ ነው፤ ጥቃቅን ጠባሳው በቅጽበት ስለሚቀዘቅዝ ጠንካራ ነጥብ ይተዋል፣ በሞላ ተፍቆ መውጣት አለበት።