«ቪዲዮ ቤቱ ከሞላ ፊልም ሠሪው አተረፈ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«በኡጋንዳ ፊልሞች ላይ እየጮኸ የሚያወራው ሰውዬ ለኢንተርኔት ተመልካች የተጨመረ ቀልድ ነው።»

ሰውዬው ከኢንተርኔቱ በፊት ነበረ። በካምፓላ ቪዲዮ ቤት «ኪባንዳ» ይባላል። ብዙውን ጊዜ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራ ጨለም ያለ አዳራሽ ነው፤ ውስጡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ። ሲታዩ የኖሩት በአብዛኛው የአሜሪካና የሆንግ ኮንግ ፊልሞች ናቸው፤ ታዳሚው የሚያወራው ግን ሉጋንዳ ነው። በፊልሙና በታዳሚው መካከል ማይክሮፎን የያዘ ሰው የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ቪጄ ይሉታል። የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርግና ንግግሩን ይተረጉማል፤ ማን የማን ወንድም እንደሆነ ያስረዳል፤ ፈሪውን ገጸ ባሕርይ ይሳደባል፤ ታሪኩ ሲያዘግም በራሱ ጨዋታ ይሞላዋል። ጎበዝ ቪጄ ያለበት አዳራሽ ያየነውን ፊልም እንኳ ደግሞ ያሳየናል። እንደ ቪጄ ጂንጎ ያሉት ስማቸው ከተዋንያኑ ስም እኩል የሚጠራ ሆነ፤ ትርጉማቸውም በዲስክ ተቀርጾ ይሸጥ ጀመር።

አይዛክ ናብዋና እ.ኤ.አ. በ2005 በካምፓላ ዳርቻ በምትገኘው ዋካሊጋ ስቱዲዮውን ሲመሠርት ያገኘው ታዳሚ በዚህ ልማድ ያደገ ነበር። የእሱ ፊልሞች የአገሩን ሰዎች ይዘው የተሠሩ ስለሆኑ በጥብቅ ካየነው ተርጓሚ አያሻቸውም። ቪጄው ግን ገባ። እንደ እኔ አስተያየት ለዚያ ታዳሚ ቪጄ የሌለው ፊልም ሙዚቃ እንደሌለው ሠርግ ነው። በ2010 የወጣውና ስቱዲዮውን በዓለም ያሳወቀው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተሰኘው ፊልም ዛሬ የሚታየው ከቪጄ ኤሚ ድምፅ ጋር ብቻ ነው። ድምፁን አንሥቶ ንጹሑን ፊልም ማየት የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ናብዋና ለሚቀጥለው ሥራ በኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ስላጣ ዋናውን ፋይል አጥፍቶታል፤ የተረፈው የዲስኩ ቅጂ ነው።

«ፊልሙ በየቪዲዮ ቤቱ ሰው ከሞላ ሠሪው ገንዘቡን አግኝቷል።»

አላገኘም። ሲኒማ ቤት ከሆነ ትኬት ይቆጠራል፣ ገቢው ለሁለት ይከፈላል። የቪዲዮ ቤት ባለቤት ግን እንደማንኛውም ደንበኛ አንድ ዲስክ ገዝቶ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ቢያሳየው ተጨማሪ የሚከፍለው የለም፤ ዲስኩም ራሱ ኮፒ ሊሆን ይችላል። አዳራሹ ለፊልም ሠሪው የሚሰጠው ስምን ነው፤ ያንን ስም ወደ ገንዘብ የሚለውጠው በእጅ የሚሸጠው ዲስክ ነው። በዋካሊጋ ተዋንያኑ ራሳቸው፣ አንዳንዴ የፊልሙን ልብስ እንደለበሱ፣ ዲስኩን ተሸክመው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ከሸጡትም ድርሻ ይወስዳሉ። ለዚህ ያላቸው ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ኮፒው ገበያውን ይሞላዋል።

«ኮፒ አድራጊው ባይኖር ኖሮ እነዚህ ኢንዱስትሪዎች ይበለጽጉ ነበር።»

ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን በሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ የሆነውን ያየ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር በእርግጠኝነት አይናገርም። ካኖ ለረጅም ጊዜ የቪዲዮ ካሴት ማባዣ ማዕከል ነበረች። የህንድና የአሜሪካ ፊልሞች በዱባይና በቤሩት በኩል አድርገው ይመጣሉ፤ ኮፋር ዋምባይ በተባለው ገበያ ያሉ ነጋዴዎች በተደረደሩ የካሴት ማጫወቻዎች ያባዟቸዋል፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች አልፎም ወደ ጎረቤት አገሮች ይጫናሉ። ይህ ሁሉ ዘረፋ ነው። ሆኖም በ1990ዎቹ የሃውሳ ቋንቋ ፊልሞች መሠራት ሲጀምሩ ማባዣው፣ መጋዘኑ፣ የመኪና ጭነቱና በየከተማው ያለው ደንበኛ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። አዲሶቹ ፊልም ሠሪዎች ሌላ መንገድ አልዘረጉም፤ ዘራፊዎቹ በጠረጉት መንገድ ሄዱ፤ ብዙዎቹ ነጋዴዎችም የእነሱ ሕጋዊ አከፋፋይ ሆኑ።

አሠራሩ ብልሃት ነበረው። በሌላ ከተማ ያለ አከፋፋይ ሺህ ካሴት አይጭንም። አንድ ዋና ቅጂ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የታተሙ የካሴት ሽፋኖችና ጥቂት ፖስተሮች ይገዛል። ካሴቱን እዚያው ያባዛል፤ በየአንዳንዱ ላይ ሽፋኑን ያለብሳል፤ ይሸጣል። እንግዲህ ፊልም ሠሪው በእርግጥ የሚሸጠው ወረቀቱን ነው። ሦስት መቶ ሽፋን የወሰደ ሰው ለሦስት መቶ ካሴት ከፍሏል፤ ሽፋን የሌለው ካሴት ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። በወቅቱ ባለ ቀለም ኅትመት ማስመሰል ካሴት ከማባዛት በእጅጉ ይከብድ ስለነበር ቁጥጥሩ ያረፈው በጣም በሚከብደው ነገር ላይ ነበር። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ።

ካሴቱ ራሱም ያግዝ ነበር። ከቅጂ ቅጂ ሲወሰድ ምስሉ ይደክማል፤ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ድምፁ ያፏጫል፣ ፊት ከፊት አይለይም። ገዢው ጥሩውን ለማግኘት ትንሽ ጨምሮ ለመክፈል ምክንያት ነበረው። ዲስክ ሲመጣ ይህ ምክንያት ጠፋ፤ የዲስክ ሺኛ ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይምና። ስለዚህ የኮፒ ጉዳት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። በካሴት ዘመን ፊልም ሠሪው ከኮፒ አድራጊው ጋር በጥራትም ይወዳደር ነበር፤ በዲስክ ዘመን የቀረው ውድድር የፍጥነት ብቻ ነው።

«ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያሉ የሚያራዝሙት ዳይሬክተሮቹ መቁረጥ ስለማያውቁ ነው።»

አንዳንዱ በእርግጥ አያውቅም። ዋናው ምክንያት ግን ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም የሚነሣው ከዲስኩ ነው። በናይጄሪያ ካሴትን የተካው ቪሲዲ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ነው። የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም በግድ ሁለት ዲስክ ይሆናል። ሁለት ዲስክ በአንድ ሽፋን አድርጎ በእጥፍ ዋጋ መሸጥ ደግሞ አያዋጣም፤ ገዢው በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ አለው።

እንበልና አንድ ፊልም 10,000 ዶላር ወጥቶበታል፤ ከአንድ ዲስክ ለባለቤቱ ግማሽ ዶላር ይተርፋል። በአንድ ክፍል ከወጣ ወጪውን ለመመለስ 20,000 ገዢ ያስፈልገዋል፤ ያንንም ኮፒው ሳይደርስ ማግኘት አለበት። ቀረጻውን ትንሽ አስረዝሞ 12,000 ዶላር አውጥቶ ሁለት ክፍል ቢያደርገው ግን እያንዳንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚገዛ 12,000 ገዢ ይበቃዋል። ካሜራው ያው ነው፣ ተዋናዩ ያው ነው፣ የተከራየው ቤት ያው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ተገድሎ ሊገኝ የነበረው ሰው በሩን ሲከፍት የሚያልቀው ለዚህ ነው። በ1992 በኢግቦ ቋንቋ የወጣውና በነጋዴው ኬኔት ንኔቡዌ የተሠራው፣ የናይጄሪያን የቪዲዮ ገበያ ያቀጣጠለው ፊልም እንኳ በማግስቱ ዓመት ሁለተኛ ክፍል ነበረው። ገንዘቡን የሚያወጣው በሌጎስ ኢዱሞታ ወይም በኦኒቻ ገበያ ሱቅ ያለው አከፋፋይ ነበርና ታሪኩ የት እንደሚቆረጥ የሚወስነውም ብዙ ጊዜ እሱ ነበር።

ይህን ሒሳብ ያፈረሰው ዲቪዲ ነው። ቪሲዲን የሚያህል ምስል ይበልጥ ተጨምቆ በአንድ ዲቪዲ ላይ ከደርዘን በላይ ፊልም ይገባል። «ሃያ በአንድ» የሚባሉት ሕገ ወጥ ዲስኮች መንገድ ላይ ሲዘረጉ ለአንድ ፊልም አንዱ ክፍል ብቻ የሚከፍል ሰው ማግኘት ከባድ ሆነ።

«አሁን ዩቲዩብ አለ፤ ሚሊዮን ሰው ካየው ሠሪው ሀብታም ነው።»

ዩቲዩብ በረጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚያገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይከፍላል። ይህ ከማንኛውም የገበያ አከፋፋይ ይሻላል፤ ችግሩ የሚከፈለው ገቢ ራሱ ምን ያህል ነው የሚለው ላይ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪ ስለ አንድ ተመልካች የሚከፍለው ተመልካቹ በሚኖርበት አገር ልክ ነው። በለንደን የተቀመጠ አንድ ሰው ካምፓላ ከተቀመጡ ብዙ ሰዎች የበለጠ ሊያስገኝ ይችላል። ስለዚህ ቻናሉ ውስጥ ገብቶ መታየት ያለበት የእይታው ብዛት ብቻ ሳይሆን ከየት አገር እንደመጣ ነው። ጄሰን ንጆኩ ይህን ቀድሞ ገብቶታል። የናይጄሪያ ፊልሞችን የኢንተርኔት መብት ሌጎስ ድረስ ሄዶ ከባለቤቶቹ እየገዛ በ2010 በዩቲዩብ ማሳየት ጀመረ፤ ቀጥሎ አይሮኮ ቲቪ የተባለውን የራሱን መድረክ ሲከፍት ከደንበኞቹ ትልቁን ቦታ የያዙት ከአፍሪካ ውጭ የሚኖሩ ናይጄሪያውያን ነበሩ።

ሌላው እሾህ የድሮው ውል ነው። በካሴት ዘመን «ሙሉ መብቱን ሸጫለሁ» ብሎ በአንድ ገጽ የፈረመ ፊልም ሠሪ ዛሬ የራሱን ፊልም ሲጭን የባለቤትነት ጥያቄ ይነሣበታል፤ ያ አከፋፋይ ወይም ከእሱ የገዛ ሌላ ሰው በዩቲዩብ የመለያ ሥርዓት ፊልሙን አስቀድሞ አስመዝግቦታል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቪዲዮው ይታያል፣ እይታው ይቆጥራል፣ ገንዘቡ ግን ወደ ሌላ ይሄዳል። ውሉ ለየትኛው መሣሪያ፣ ለየትኛው አገርና ለስንት ዓመት እንደሆነ ካልጻፈ ክርክሩ ረጅም ነው።

ዋካሊጋዎች ያደረጉት ከዚህ ሁሉ ይለያል። በ2010 ኢንተርኔት ላይ ያወጡት የካፒቴን አሌክስን ፊልም ራሱን አልነበረም፤ አጭር ማስታወቂያውን ነው። እሱን ያየ አለን ሆፍማኒስ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በማግስቱ ዓመት ዋካሊጋ ድረስ መጥቶ አብሯቸው መሥራት ጀመረ። በ2015 ለሚቀጥለው ፊልማቸው ሰዎች ለሥራ ገንዘብ በሚያዋጡበት ኪክስታርተር በተባለ ድረ ገጽ 160 ዶላር ጠየቁ፤ ከ13,000 ዶላር በላይ አገኙ። የካፒቴን አሌክስ ሙሉው ፊልም በነጻ ዩቲዩብ ላይ የተጫነው በዚያው ዓመት ነው፤ ዲስኩ በካምፓላ ቤት ለቤት ተዞሮ ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ።