ቁጥሩ ዜሮ ደረሰ ማለት ኢንሱሊኑ ገባ ማለት አይደለም፦ ስለ ፔን፣ ብልቃጥና መርፌ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የፔን ኢንሱሊን ከብልቃጡ ይበረታል፤ ወደ ፔን ስዞር መጠኑን መቀነስ አለብኝ»

በብዛት የሚታዘዙት ፔኖችም ሆኑ ብልቃጦች በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛሉ። ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ነው። ብልቃጡ 10 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 1000 ዩኒት አለው፤ ፔኑ 3 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 300 ዩኒት ብቻ ነው። የመድኃኒቱ ዓይነት አንድ እስከሆነ ድረስ በሲሪንጅ 14 ዩኒት ይወስድ የነበረ ሰው በፔኑም 14 ይወስዳል። ከዚያ መቀነስም መጨመርም ያለበት የስኳር ልኬቱን ያየ ሐኪም ነው።

በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ወይም 300 ዩኒት የሚይዙ ፔኖችም አሉ፤ ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ሊሆን ይችላል። እነዚህም ቢሆኑ ፔኑ ራሱ አስልቶ ስለሚቆጥር መስኮቱ ላይ 14 ካለ 14 ነው። አደጋው የሚመጣው የፔን መርፌ ሲያልቅ ኢንሱሊኑን በሲሪንጅ ከፔኑ ለመሳብ ሲሞከር ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 300 ዩኒት ከሚይዘው ፔን በተለመደው ሲሪንጅ እስከ 14 መስመር የሳበ ሰው የሚወጋው 42 ዩኒት ነው። ይህ ራስን የሚያስት የስኳር መውረድ ያመጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የሚይዘውም ፔን ቢሆን በሲሪንጅ አይሳብለትም፤ አየር ይገባበትና የሚቀጥለው መጠን ይዛባል።

ሲሪንጁም የራሱ ወጥመድ አለው። ለ100 ዩኒት ኢንሱሊን የተሠራው ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ክዳን አለው፤ ቀይ ክዳን ያለው ለ40 ዩኒት ኢንሱሊን የተሠራ ነው። በቀዩ ሲሪንጅ የ100ውን ኢንሱሊን እስከ 20 መስመር የሳበ ሰው 50 ዩኒት ይዟል። በቀለሙ ብቻ አይተማመኑ። ሲሪንጁ ላይ የታተመውንና ብልቃጡ ላይ ያለውን ቁጥር አስተያይተው አንድ መሆናቸውን ካዩ በኋላ ይክፈሉ።

«ፔን ራሱ ይቆጥራል፤ ስለዚህ አይሳሳትም»

ፔኑ የሚቆጥረው የውስጡ ዘንግ ምን ያህል ወደፊት እንደተገፋ ነው። በመርፌው ጫፍ ምን እንደወጣ አያውቅም። በዘንጉና በኢንሱሊኑ ጎማ መካከል ክፍተት ካለ፣ ወይም በኢንሱሊኑ ውስጥ አየር ካለ፣ የመጀመሪያው ግፊት ያንን በመሙላትና አየሩን በማመቅ ያልቃል። መስኮቱ ዜሮ ያሳያል፤ ከቆዳ ሥር የገባው ግን ከታዘዘው ያነሰ ነው። ሁለት ዩኒት አስቀድሞ በአየር ላይ የሚረጨው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፔኑ ኢንሱሊን ደመናማ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ኤንፒኤች ወይም የ30/70 ቅልቅል ከሆነ፣ መጀመሪያ በሁለት መዳፍ መካከል 10 ጊዜ ያንከባልሉት፤ ከዚያ 10 ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይገልብጡት። ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ካልቀረና መልኩ ወጥ እንደ ወተት ከሆነ ይበቃል። በኃይል መናጥ አረፋ ይፈጥራል። ቀጥሎ የጎማውን ጫፍ በአልኮል ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ አዲስ መርፌ በቀጥታ ያጥብቁና ሁለቱንም ክዳኖች ያውልቁ። መቁጠሪያውን 2 ላይ አድርገው መርፌውን ወደ ላይ ያቁሙ፤ አየሩ ወደ ጫፉ እንዲሰበሰብ ፔኑን በጣት መታ መታ ያድርጉና ቁልፉን እስከ መጨረሻው ይጫኑ። ጫፉ ላይ ጠብታ ካልታየ እንደገና 2 ዩኒት ይሞክሩ። አዲስ የተከፈተ ፔን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊያስሞክር ይችላል። ደጋግመው ሞክረው ጠብታ ካልመጣ ችግሩ መርፌው ላይ ሊሆን ስለሚችል ይቀይሩት። በአዲስ መርፌም እንቢ ካለ በዚያ ፔን አይወጉ።

ሌላው መጠን የሚጠፋበት ቦታ መጨረሻው ነው። ቁልፉን ተጭነው ዜሮ ካዩ በኋላ መርፌውን ወዲያው አይንቀሉ። ጣትዎን ሳያነሱ ቀስ ብለው እስከ 10 ይቁጠሩ። ቀጭን መርፌ ኢንሱሊኑን የሚያሳልፈው ቀስ እያለ ስለሆነ ቶሎ ከተነቀለ ቀሪው በጫፉ ይንጠባጠባል። አንድ ዩኒት የ100ኛ ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ የምትመስል ጠብታ አንድ ሁለት ዩኒት ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

ይህ ሁሉ ሲባል ፔኑን ማጣጣል አይደለም። ከ5 ዩኒት በታች ለሚወስድ ሕፃን፣ ወይም ዓይኑ ለደከመ አረጋዊ፣ ፔን ከሲሪንጅ በግልጽ ይሻላል። የአንድ ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ አብዛኛውን ጊዜ የተሰመረው በየ2 ዩኒቱ ነው፤ 3 ዩኒትን በሁለት መስመሮች መካከል በግምት መያዝ የግድ ይሆናል። በ20 እና 30 ዩኒት መጠን ላይ ግን ሲሪንጁን በሥርዓት የሚይዝ ሰው ፔን ከያዘው ብዙም አይለይም።

«ሁለት ሁለት ዩኒት መርጨት ውድ መድኃኒት መድፋት ነው»

እስቲ እናስላው። ጠዋት 14፣ ማታ 10 ዩኒት ኤንፒኤች የሚወስድ ሰው በቀን 24፣ በ30 ቀን 720 ዩኒት ያስፈልገዋል። ያለ ሙከራ ሦስት ፔን ይገዛል፤ 180 ዩኒት ይተርፈዋል። በየመርፌው 2 ዩኒት ከሞከረ ወርሃዊው 840 ይሆናል፤ አሁንም የሚገዛው ሦስት ፔን ነው፤ የሚተርፈው 60 ዩኒት ነው። ትርፉ መቀነሱ እውነት ነው፤ ሁለት ወር ሲደመር ያለ ሙከራ አምስት፣ ከሙከራ ጋር ስድስት ፔን ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ በሁለት ወር አንድ ፔን ነው።

በሌላ በኩል ያለ ሙከራ ከማታው 10 ዩኒት ሁለቱ ቢጎድሉ አንድ አምስተኛው ጎደለ ማለት ነው። ጠዋት ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሐኪሙ መዝገቡ ላይ 10 ተጽፎ ሲያይ ወደ 12 ያሳድገዋል። ከዚያ አንድ ቀን አየር የሌለበት ሙሉ 12 ሲገባ ሌሊት ላይ ስኳሩ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ቅዠት የሚመጣው ያኔ ነው።

ፔን በገንዘብ ካልተቻለ ብልቃጥ መጠቀም ምንም ነውር የለበትም፤ ከላይ ላለው ሰው አንዱ ብልቃጥ ለ41 ቀን የሚሆን ኢንሱሊን አለው። ነገር ግን ጎማው ከተወጋ በኋላ ስንት ቀን እንደሚያገለግል ከዓይነት ዓይነት ይለያያል፤ ብዙዎቹ ላይ 4 ሳምንት አካባቢ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ያክብሩ፤ የከፈቱበትን ቀንም ብልቃጡ ላይ ይጻፉ።

«በሲሪንጅ የቀረች አረፋ ብትገባ ትገድላለች»

ከቆዳ ሥር የገባች ትንሽ አረፋ አትገድልም። ጉዳቷ ቦታ መያዟ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ድቡልቡል አረፋ የ1.4 ዩኒት ያህል ቦታ ትይዛለች። አረፋ እንዳይበዛ ከመሳብዎ በፊት የሚወስዱትን ያህል አየር ወደ ብልቃጡ ያስገቡ፤ ይህ ካልተደረገ ብልቃጡ ውስጥ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ኢንሱሊኑን መልሶ ይስባል። ከዚያ ብልቃጡን ገልብጠው፣ የመርፌው ጫፍ ከኢንሱሊኑ ሳይወጣ፣ ትንሽ አብዝተው ይሳቡ፤ መታ አድርገው አረፋውን ወደዚያው ይመልሱና መስመሩ ላይ ያቁሙ።

«መርፌው ፔኑ ላይ ቢቆይ ምን አለበት? የምወጋበት እኔው ነኝ»

መርፌ የተገጠመበት ፔን ክፍት በር ነው። የጅማ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ሲሞቅ ኢንሱሊኑ ይሰፋና በመርፌው ይንጠባጠባል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና አየር ይስባል። መርፌ እንደተገጠመበት ቦርሳ ውስጥ ተጥሎ፣ በአውቶቡስ የጊቤን ሸለቆ ሙቀት አልፎ አዲስ አበባ የገባ ፔን ውስጥ ትልቅ አየር ቢገኝ አይደንቅም። ደመናማው ኢንሱሊን ላይ ነገሩ ይብሳል፤ በቅድሚያ የሚያፈስሰው ፈሳሹ ስለሆነ ዋናው መድኃኒት ወደ ኋላ ይቀርና በኋላ የሚወጋው መጠን ይወፍራል። አንድ ጊዜ የጎደለ፣ ሌላ ጊዜ የበዛ ኢንሱሊን የሚገባው በዚህ ነው። በቀጭኑ መርፌ ውስጥ የደረቀ ኢንሱሊንም መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ከወጉ በኋላ መርፌውን ይፍቱ፤ ፔኑን በራሱ ክዳን ዘግተው ያስቀምጡ።

«በአልኮል ከጠረግኩት ወይም ካፈላሁት መርፌው እንደ አዲስ ነው»

መርፌው በቀላሉ የሚገባው ስስ የሲሊኮን ቅባት ስላለው ነው። አልኮል ይህን ቅባት ያነሳዋል። ማፍላትም የደነዘዘና የተቆለመመ ጫፍን አያቀናም። ጫፉ በዓይን ደህና ቢመስልም በተደጋገመ ቁጥር ቆዳን ከመብሳት ወደ መቅደድ ይሄዳል፤ ያማል፣ ይደማል፣ ይጠቁራል። እጅግ ቀጫጭኖቹ ተሰብረው ቆዳ ውስጥ የሚቀሩበት አጋጣሚም አለ።

በዝምታ የሚመጣው ጉዳት ግን ጉብታው ነው። በደነዘዘ መርፌ፣ በአንድ ቦታ ላይ፣ ለወራት የተወጋ ቆዳ ሥሩ ስብ እየወፈረ ለስላሳ ወይም ጠጠር ያለ እብጠት ይሠራል። እዚያ መውጋት ስለማያም ሰው ይወደዋል። ኢንሱሊኑ ግን ከዚያ የሚወጣው ዘግይቶና በየቀኑ በተለያየ መጠን ነው። ከአጋሮ ለክትትል ጅማ የሚመላለስ አንድ ታካሚ እናስብ። እምብርቱ አጠገብ ባለ ጉብታ ላይ እየወጋ መጠኑ ከ20 ወደ 36 ዩኒት አድጓል። ጉብታው ታውቆ «ቦታ ቀይር» ሲባል፣ በነጋታው ያንኑ 36 ጤነኛ ጭን ላይ ቢወጋ ኢንሱሊኑ በሙሉ ኃይሉ ይሠራና ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቦታ ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከል አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ስኳሩን አዘውትሮ መለካት ያስፈልጋል። ጉብታን በዓይን ብቻ አያገኙትም። ጣትዎን በሳሙና ውኃ አርጥበው ሆድና ጭኑን እየዳሰሱ ይፈልጉት። በየዕለቱ የሚወጉበትን ነጥብ ከትናንቱ ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ያርቁ።

ትክክለኛው ለአንድ ውጊያ አንድ መርፌ ነው። አቅም አጥሮ መድገም ግድ ከሆነ የሚደገመው ቢያንስ ሌላ ሰው ያልነካ፣ ከቆዳው በቀር ምንም ያልነካ፣ ክዳኑ የተመለሰለት የራስ መርፌ ይሁን፤ ካመመ፣ ከጎበጠ ወይም ከደነዘዘ አይደገም። ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ግን ጭራሽ አይድገም። ለሐኪም «እደግማለሁ» ማለትም ጥሩ ነው፤ ያልተብራራ የስኳር መዋዠቅን ምክንያት ከሌላ ቦታ እንዳይፈልግ ይረዳዋል።

«መርፌውን ከቀየርን በአንድ ፔን ሁለት ሰው ቢወጋ ችግር የለውም»

ችግሩ ያለው ፔኑ ውስጥ ነው። ሲወጋ ዓይን የማያየው ደም ወደ ኢንሱሊኑ ሊመለስ ይችላል፤ አዲስ መርፌ ያንን አያጸዳውም። ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤች አይ ቪም በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። ባልና ሚስትም፣ እናትና ልጅም ቢሆኑ ለየራሳቸው ፔን ይኑራቸው፤ ስማቸውን በክዳኑ ላይ ሳይሆን በራሱ በፔኑ አካል ላይ ይጻፉ፤ ክዳን ይቀያየራል። የተጠቀሙበትን መርፌ ደግሞ በስስ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን ጠንካራ፣ ክዳኑ የሚጠበቅ የሳሙና ጠርሙስ ውስጥ ይጣሉና ሲሞላ በሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ይስጡ፤ በቤት ቆሻሻ ውስጥ ከገባ ቆሻሻ የሚያነሳውን ሰው ይወጋዋል።