በጎጃም የትናንሽ ሱቆች የእጅ ጽሑፍ ደረሰኝ፦ ንባቡና ማረጋገጫው

በጎጃም ከተሞች፣ ከደጀንና ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ዳንግላ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሌላቸው ትናንሽ ሱቆች ሽያጫቸውን የሚያሳዩት በእጅ በሚሞላ የደረሰኝ ጥራዝ ነው። ከእነዚህ ሱቆች የሚገዙ ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና አነስተኛ ተቋራጮች ደረሰኙን ከወጪ ማዘዣ ቫውቸራቸው ጋር አያይዘው ያስቀምጡታል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ወረቀቱ በስልክ ካሜራ ወይም በስካነር ተነሥቶ በሶፍትዌር ሲነበብ፣ የትኛው ንባብ እንዳለ ወደ መዝገብ እንደሚገባና የትኛው ወደ ሰው ዓይን እንደሚመለስ ነው።

አመጣጥ

በጎጃም ገበያዎች በእጅ የሚጻፍ የዱቤ ደብተር ከታተመ ደረሰኝ ይቀድማል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 በ1953 ዓ.ም. ወጣ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 ደግሞ በ1994 ዓ.ም. ታውጆ 15 በመቶ የሚል መስመር በደረሰኝ ላይ አመጣ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን ደረጃ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ከፈለ። አሁን በየቢሮው መደርደሪያ በብዛት የሚገኙት ጥራዞች ከዚህ ወዲህ ያሉት ስለሆኑ ከዚህ በታች የሚባለውም በአብዛኛው እነሱን ይመለከታል።

አማርኛን ለማሽን በማስነበብ ረገድ ጎጃም ራሱ ድርሻ አለው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና 337,332 የመስመር ምስሎችን የያዘው የታተመ አማርኛ ጽሑፍ ስብስብ ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ነው። በኋላም በዚያው መስመር የጥንት የብራና ጽሑፎችን የያዘ ስብስብ ተዘጋጅቷል። ሆኖም የታተመ ፊደልና የብራና ቁም ጽሑፍ አንድ ነገር ነው፤ ባለሱቅ ቆሞ፣ ገዢ እየጠበቀው፣ በጉልበቱ ላይ የሚሞላው ደረሰኝ ሌላ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የንባብ ሶፍትዌር የቴሰራክት የአማርኛ ሞዴል (`amh`) የሠለጠነው በታተመ ጽሑፍ ስለሆነ በእጅ ጽሑፍ ላይ ብዙም አይታመንም። ስለዚህ የዕቃውን ስም ከመልቀም ይልቅ ቁጥሮቹን በትክክል ማውጣት ይቀድማል፤ ሒሳቡ የሚቆመው በእነሱ ነው።

ወረቀቱ

ጥራዙ ብዙውን ጊዜ 50 ተከታታይ ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁጥር በካርቦን የሚባዙ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠሎች ይኖሩታል። የመጀመሪያው ቅጠል ለገዢ ይቀደዳል፣ የመጨረሻው በጥራዙ ላይ ይቀራል። ከላይ የሻጩ ስምና አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከሥሩ ቀንና የገዢ ስም፣ ከዚያ የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ ያንዱ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ የሚሉ ዓምዶች ይከተላሉ። በግርጌ ድምሩ በአኃዝ ይጻፋል፤ «በፊደል» በሚለው መስመር ላይም ይደገማል።

አንባቢን የሚያሳስቱት ነገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። 1 እና 7፣ እንዲሁም 4 እና 9 ይምታታሉ። ብርን ከሳንቲም ለመለየት የሚሰመረው ዝንባሌ ያለው ጭረት እንደ 1 ይነበባል፤ በዚህም «1250/00» ማሽኑ ዘንድ 1250100 ሆኖ ይመጣል። ሐምራዊው ማኅተም ብዙ ጊዜ ድምሩ ላይ ያርፋል፤ ከሰማያዊ እስክሪብቶ ጋር ቀለሙ ስለሚቀራረብ በቀለም ማጣሪያ መለየት ይከብዳል። ቀሪው ቅጠል ከላይኛው ሥር ወደ ላይ ከተንሸራተተ በእሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አንድ ረድፍ ወርዶ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ረድፍ የሁለተኛው ሆኖ ይነበባል። ይህን የሚያጋልጠው የመጨረሻው ረድፍ ነው፦ ጽሑፉ የድምሩን ሣጥን ሥር ነክቶ ከተገኘ ያ ቅጠል ተንሸራትቷል፤ ዋናው ቅጠል ካለ ከእሱ ይነበብ።

ሰው ማየት ያለበት መቼ ነው

የንባብ ሶፍትዌሮች ለእያንዳንዱ ቃል የእርግጠኝነት ነጥብ ይሰጣሉ። ብዙ ቢሮዎች ነጥቡ ከተወሰነ ልክ በታች የሆነውን ብቻ ለሰው ይልካሉ። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ለእጅ ጽሑፍ ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም፤ ጭረት የሌለው 7 ለማሽኑ ፍጹም ጥርት ያለ 1 ነውና በከፍተኛ ነጥብ ተሳስቶ ያልፋል። ደረሰኝ ግን በራሱ ላይ ሦስት ምስክሮች ይዟል፦ ብዛት በያንዱ ዋጋ ተባዝቶ የረድፉን ጠቅላላ መስጠት አለበት፤ የረድፎቹ ጠቅላላ ተደምሮ ድምሩን መስጠት አለበት፤ በአኃዝ የተጻፈው ድምር በፊደል ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት። የታክስ መስመር ካለ እሱ አራተኛ ምስክር ይሆናል። የጎጃም ነባር የሒሳብ ሠራተኞች ማሽን ሳይመጣም በዚሁ መንገድ ሲፈትሹ የኖሩ ናቸው፤ ልምዳቸው ከየትኛውም ነጥብ ይልቅ የሚታመን መነሻ ነው።

የሚከተለው ለማስረዳት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። አንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመጋዘን ጥገና ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሦስት ዓይነት ዕቃ ገዛ። ማሽኑ ያነበበው ይህን ነው፦ ሚስማር 6 ኪሎ በ170፣ ጠቅላላ 1,020፤ ቆርቆሮ 1 በ650፣ ጠቅላላ 4,550፤ ቀለም 2 ጋሎን በ940፣ ጠቅላላ 1,880፤ ድምር 7,540። በፊደል ደግሞ «ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ብር ከ00/100» ይላል።

የሚስማሩና የቀለሙ ረድፎች ይዘጋሉ። የቆርቆሮው አይዘጋም፤ 1 በ650 ተባዝቶ 4,550 አይሆንም። 4,550 ለ650 ሲካፈል ግን ያለ ቀሪ 7 ይመጣል። 7 ደግሞ ከ1 ጋር የሚምታታው አኃዝ ራሱ ነው። አራሚው ምስሉን አጉልቶ ሲያይ የአኃዙ አናት ወደ ግራ መታጠፉን ያገኛል፤ ብዛቱ 7 ነበር፤ ያጠፋው ማሽኑ ነው። ፕሮግራሙ ይህን በራሱ ያርመው ወይስ ይጠይቅ በሚለው ላይ አሠራሩ ይለያያል። ምስሉን ሳያሳዩ ማረም አይገባም የሚሉት ትክክል ናቸው፤ ባለሱቁ ራሱ ብዛቱን አሳስቶ ጽፎ ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ ድምሩ አለ። ሦስቱ ረድፎች ሲደመሩ 7,450 ይሆናሉ፤ በአኃዝ ያለው 7,540 ነው። ልዩነቱ 90 ነው። ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል የሚል ነው፤ እዚህም 4 እና 5 ተለዋውጠዋል። ነገር ግን ምስሉ ሲታይ በወረቀቱ ላይ በግልጽ የተጻፈው 7,540 ነው። ማሽኑ ትክክል አንብቧል፤ የተሳሳተው ሻጩ ነው። ሁለቱ ስሕተቶች ላይ ላዩን አንድ ይመስላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። የማሽን ስሕተት በመዝገቡ ላይ ይታረማል። የሻጭ ስሕተት ግን በተጻፈበት እንዳለ ተመዝግቦ፣ አለመግጠሙ በማስታወሻ ተይዞ ወደ ሒሳብ ኃላፊው ይሄዳል። ማንም ቢሆን 7,540ን ሰርዞ 7,450 ብሎ በወረቀቱ ላይ መጻፍ የለበትም፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ደረሰኝ በኦዲት ጊዜ ውድቅ ይደረጋል። ትክክለኛው መንገድ ሻጩ ቅጠሎቹን ሁሉ ሰብስቦ «ተሰርዟል» ብሎ በጥራዙ ውስጥ አስቀርቶ በሚቀጥለው ቁጥር አዲስ መቁረጥ ነው።

በአኃዝና በፊደል ያለው ሲለያይ የትኛው ይጸናል የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ነው። ለቼክ በፊደል የተጻፈው ይጸናል፤ አንዳንድ ገንዘብ ያዦች ይህንኑ ለደረሰኝም ይሠሩበታል። ሌሎች ደግሞ ሁለቱም አይታመኑም፣ በእርግጥ የተከፈለው ይጣራ ይላሉ። በምሳሌው የወጪ ማዘዣው ቫውቸር 7,540 ቢል 90 ብር ያለአግባብ ወጥቷል ማለት ነው፤ 7,450 ቢል ግን ጥፋቱ በወረቀቱ ላይ ብቻ ቀርቷል። ይህን ደረሰኙ ብቻውን ሊመልሰው ስለማይችል ቫውቸሩን አጠገቡ አድርጎ ማየት ግድ ይላል።

ሒሳብ የማይጠብቃቸው ቦታዎች

ሁሉም ምስክሮች ተስማምተው እንኳ ቀን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የደረሰኝ ቁጥር ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ በማባዛትና በመደመር አይጋለጡም። መለያ ቁጥሩ ቀላል ነው፦ የደንበኛ ሱቆችን ቁጥር ዝርዝር ይዞ ማመሳከር ይበቃል፤ ከዝርዝሩ የሌለ ሁሉ በሰው ይታያል።

ቀን ግን ብዙ ያስቸግራል። በውጭ አገር የተሠሩ ፕሮግራሞች ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ለመተርጎም ይሞክራሉ። «30/02/2016» ጥቅምት 30 ሆኖ ሳለ ፌብሩዋሪን ሁለተኛ ወር ላደረገው የፈረንጅ አቆጣጠር የሌለ ቀን ስለሆነ ይጥሉታል። «05/13/2016» ጳጉሜ 5 ሆኖ ሳለ ሜይ 13 ብለው ይገለብጡታል። ጥለው ሲያልፉ ሰው ያየዋል፤ ገልብጠው ሲያሳልፉ ግን ማንም አያውቅም። ለዚህ መፍትሔው ወር እስከ 13 እንዲቆጠር፣ 13ኛው ወርም ከ5 ቀን እንዳያልፍ፣ እንደ 2015 ባለ ዓመት ብቻ 6 እንዲሆን አድርጎ ማስተካከል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰኔና የሐምሌ ድንበር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ «28/10/16» የነበረው «28/11/16» ተብሎ ቢነበብ ወጪው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ ለውጡ የአንድ ጭረት ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው የጥራዙ ቅደም ተከተል ነው። ከአንድ ሱቅ የመጡ ደረሰኞች በቁጥራቸው ሲደረደሩ ቀናቸው ወደ ኋላ መመለስ የለበትም። ቁጥር 0231 ሰኔ 27፣ ቁጥር 0236 ሰኔ 29 ከሆነ በመካከላቸው ያለው 0233 ሐምሌ 28 ሊሆን አይችልም። ባለሱቁ ሁለት ጥራዝ በአንድ ጊዜ የሚጠቀም ከሆነ ይህ ማስረጃ ይላላል። ስለዚህ በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው ወር የተቆረጠ ደረሰኝ ሒሳቡ ቢዘጋም ባይዘጋም ቀኑ በሰው እንዲታይ ማድረግ ይበጃል።

አራሚው የማሽኑን ንባብ አስቀድሞ ማየት የለበትም። «1» የሚለውን አንብቦ ምስሉን የሚያይ ሰው 1 ያያል። የተጠረጠረው ቦታ ተቆርጦ ብቻውን ይቀርብለትና እንደገና ይጻፈው፤ ሁለቱ ከተስማሙ ያልፋል፣ ካልተስማሙ ዋናው ቅጠል ከመደርደሪያ ይወጣል። አንድ ረድፍ ብቻ ያለው ደረሰኝ፣ በተለይ ብዛቱ 1 ሲሆን፣ ማባዛቱ ብዙም አይፈትሽም፤ በፊደል የተጻፈው መስመር ባዶ ከሆነም ምስክር የለውም። እንዲህ ያለው የብሩ መጠን ትንሽ ቢሆን እንኳ ለሰው ይላካል።